የኮንቬየር ሞተር ፍጥነት ፒአይዲ አስተካከል፦ ቁጥሩን ከመነካካት በፊት መለካት

የታሸገ ውሃ የሚያጓጉዝ ኮንቬየር አለን እንበል። ሞተሩን ኢንቨርተር ያዞረዋል፣ ፍጥነቱን ኢንኮደር ይለካል፣ ፒአይዲው ደግሞ ፒኤልሲ ውስጥ ነው። 100% ማለት በሰከንድ 1 ሜትር ነው። የምንፈልገው 0.5 ነው።

መጀመሪያ ቤልቱን እዩት። ላልቶ የሚንሸራተት ከሆነ የትኛውም ቁጥር አያድነውም። ለማጥበቅ እጅ ከማስገባታችሁ በፊት ዋናውን ማብሪያ ዝጉና ቆልፉ።

ቀጥሎ ኢንቨርተሩ ውስጥ ያለውን የማፍጠኛ ጊዜ ተመልከቱ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። ጊዜው 10 ሰከንድ ከሆነ፣ ፒአይዲው 10% ጨምር ሲለው ኢንቨርተሩ 1 ሙሉ ሰከንድ እየተጎተተ ነው የሚታዘዘው። ፒአይዲው በበኩሉ «አልሰማኝም» ብሎ ይጨምራል፣ ከዚያ ፍጥነቱ ከልኩ ያልፋል። ሞተሩ ከመጠን ያለፈ ከረንት እስካልሳበ ድረስ ወደ 2 ሰከንድ አውርዱት። ጠርሙስ እንዳይወድቅ ቀስ ብሎ መነሳት ካስፈለገ፣ የሚፈለገውን ፍጥነት ራሱን ፒኤልሲው ላይ ቀስ እያላችሁ ከፍ አድርጉት።

አሁን ፒአይዲውን ማኑዋል ላይ አድርጉና ቤልቱን በ40% አስኪዱት። ሲረጋ በአንዴ 50% ስጡትና ግራፉን ያዙ። በእኛ ምሳሌ ፍጥነቱ ከ0.40 ወደ 0.50 ወጣ፤ 10% ሰጥተን 10% አገኘን፣ ስለዚህ K = 1። ለውጡ እስኪጀምር 0.1 ሰከንድ ዘገየ (θ)። ከዚያ የለውጡን 63%፣ ማለትም 0.463ን፣ ለመድረስ 0.8 ሰከንድ ፈጀ (τ)። λ ፒአይዲው ሲሠራ ፍጥነቱ የለውጡን 63% እንዲደርስ የምንፈልግበት ጊዜ ነው፤ ለመነሻ ከτ እኩል አድርጉት። የፒአይዲው ማባዣ Kc፣ የኢንተግራሉ ጊዜ Ti እና የዴሪቬቲቩ ጊዜ Td ከእነዚህ እንዲህ ይወጣሉ።

```
Kc = τ / (K × (λ + θ)) = 0.8 / (1 × 0.9) ≈ 0.9
Ti = τ = 0.8 s
Td = 0
```

Td ዜሮ የሆነው በስንፍና አይደለም። የኢንኮደር ንባብ ይንቀጠቀጣል፣ D ደግሞ ያንን መንቀጥቀጥ አጉልቶ ወደ ሞተሩ ይልከዋል። ለፍጥነት PI ይበቃል።

ፒኤልሲያችሁ Tiን ነው ወይስ Kiን የሚቀበለው? Ti ሲያንስ ኢንተግራሉ ይበረታል፣ Ki ግን ሲያንስ ይዳከማል። Kiን ከKc ለይቶ ለብቻው የሚያባዛው ዓይነት ከሆነ Ki = Kc / Ti ነው፣ እዚህ ላይ 1.1 አካባቢ።

አውቶ ላይ አድርጋችሁ የሚፈለገውን ፍጥነት ከ0.4 ወደ 0.5 ቀይሩ። ከልክ አልፎ የሚወዛወዝ ከሆነ λን ጨምሩና Kcን እንደገና አስሉ፤ ከተጓተተ λን ቀንሱ። ከዚያ ሙሉ ጭነት ጫኑበት፤ ባዶ ቤልት ላይ ያማረ ቁጥር ጭነት ሲመጣ ሊለግም ይችላል።

በመጨረሻ የአደጋ ማቆሚያውን ተጫኑና ጥቂት ቆይታችሁ ኮንቬየሩን እንደገና አስነሱ። ቤልቱ ተስፈንጥሮ ከተነሳ፣ በቆመበት ሰዓት ኢንተግራሉ ሲጠራቀም ነበር ማለት ነው። ሞተሩ ሲቆም ኢንተግራሉ ወደ ዜሮ እንዲመለስ አድርጉ፣ የፒአይዲውን ውጤትም በ0 እና በ100% መካከል ገድቡት።