የጉዞ እቅድ ጥያቄ፦ ላሊበላ

ለጉዞ አዘጋጆቹ፣

ጤና ይስጥልኝ። ወደ ላሊበላ የጉዞ እቅድ እንድታወጡልኝ እጠይቃለሁ።

መነሻችሁ የቤተ ክርስቲያናቱ አቀማመጥ ይሁን። በከተማው ውስጥ ዮርዳኖስ ከሚባለው ወንዝ በስተ ሰሜን ያሉትንና በስተ ደቡብ ምሥራቅ ያሉትን አታቀላቅሉብኝ። በሰሜን በኩል ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተነስቶ በቤተ ማርያም ወደ ቤተ ጎልጎታ መዝለቅ ይሻላል፤ የመጀመሪያው በግዝፈቱ፣ ሁለተኛው በጣሪያና በቅስቶቹ ሥዕል ይታያሉና ልዩነታቸው እዚያው ጎን ለጎን ይገባል። ቤተ ጎልጎታ ሴቶች የማይገቡበት ስለሆነ ይህንን በእቅዱ ላይ በግልጽ ጻፉት፤ ደጃፉ ላይ ደርሶ መስማት ያስከፋል።

በደቡብ ምሥራቅ በኩል ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚያሻግረውን ጨለማ ዋሻ እንዳትዘሉብኝ። ውስጡ ድቅድቅ ነው፤ ግድግዳውን በእጅ እየዳሰሱ፣ ጭንቅላትን ዝቅ አድርገው የሚያልፉበት ነው። ባትሪ እንደሚያስፈልግ፣ ጠባብ ቦታ ለሚከብደው ደግሞ በውጭ በኩል የሚዞርበትን መንገድ አስቀምጡ። ቤተ ጊዮርጊስን ከሁለቱም ለይታችሁ ያዙት። መጀመሪያ ከአፋፉ ላይ ሆኖ የጣሪያውን መስቀል ማየት፣ ከዚያ በተፈለፈለው መተላለፊያ መውረድ፤ ይህ ቅደም ተከተል ከተገለበጠ የሕንፃው ቁም ነገር ይጠፋል።

እቅድ የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ቅዳሴ ነው። በጾም ቀን ቅዳሴ የሚገባው አርፍዶ በመሆኑ፣ ከሰዓት በኋላ ይታያል የተባለው ቤተ ክርስቲያን በጸሎት ላይ ሆኖ ይገኛል። በምሳ ሰዓትም በሮቹ ይዘጋሉ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጉብኝት ተለዋጭ ጻፉ፤ በዚያን ሰዓት የሚታይ ሌላ ቦታ ምን እንዳለ። የመግቢያ ትኬቱ ምን ምን እንደሚያጠቃልል፣ ከከተማው ውጭ ያሉት ለብቻቸው የሚያስከፍሉ መሆናቸውንም ለዩልኝ። ጫማ በየደጃፉ ስለሚወለቅ ማሰሪያ የሌለው ጫማና ወፍራም ካልሲ ከሚያዙ ዕቃዎች ዝርዝር አይቅር፤ ወለሉ ድንጋይ ነው፣ ምንጣፉም ቁንጫ አያጣውም።

ከከተማው ውጭ ሦስት ቦታዎችን አስገቡ። ነአኩቶ ለአብ በአውሮፕላን ማረፊያው መንገድ በኩል ስለሆነ ከመምጫው ወይም ከመመለሻው ጋር ይያያዝ። ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ጠበል የሚጠራቀምባቸውን የድንጋይ ገንዳዎች ማየት እፈልጋለሁ። አሸተን ማርያም ከከተማው በላይ ተራራው ላይ ናት፤ መኪና እስከ የት እንደሚያደርስ፣ ከዚያ በእግር ወይም በበቅሎ የሚወጣው ዳገት ምን ያህል እንደሆነ ንገሩኝ። ይምርሐነ ክርስቶስ ከላሊበላ ቀድሞ የነገሠው ንጉሥ ያሠራው ነው፤ ከአለት አልተፈለፈለም፣ በዋሻ ውስጥ በእንጨትና በድንጋይ ድርብርብ የተገነባ ነው። ከቦታዎቹ ሁሉ ይበልጥ የምጓጓለት እሱ ስለሆነ የመንገዱን ሁኔታ ከአካባቢው ሹፌር አጣርታችሁ ጻፉልኝ።

አስጎብኚው የአካባቢው ተወላጅና ፈቃድ ያለው ይሁን።

ከአክብሮት ጋር