የጥቆማ ሥርዓቶችና የፊት መለያ ቴክኖሎጂ አድልዎ፦ ለጀማሪ ተማሪዎች የቀረቡ የፕሮጀክት ርዕሶች

ከሚከተሉት ርዕሶች አንዱን መርጣችሁ፣ ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ በአራት ሳምንት ውስጥ ትሠራላችሁ። ፕሮግራም መጻፍ ባትችሉም መቁጠር፣ መቶኛ ማስላትና ያያችሁትን በግልጽ መጻፍ ይጠበቅባችኋል። ርዕሶቹ ቢለያዩም የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ነው፦ ሥርዓቱ ሲሳሳት ጉዳቱ የሚያርፈው በማን ላይ ነው?

ርዕስ 1፦ ታዋቂነት ከየት ይመጣል?

ሙዚቃ ወይም ቪዲዮ የሚጠቁሙ ሥርዓቶች ብዙ ሰው የመረጠውን ለሌሎች ያቀርባሉ፤ የቀረበው ደግሞ በመቅረቡ ብቻ ይበልጥ ይመረጣል። ይህን አዙሪት በወረቀት ልትሠሩት ትችላላችሁ። በጥራት እኩል ናቸው የምትሏቸውን አምስት ዘፈኖች በአምስት ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከረጢት ውስጥ ክተቱ። ሳታዩ አንዱን አውጡ፤ ከዚያም መልሳችሁት ተመሳሳይ ሌላ ወረቀት ጨምሩ። ይህንኑ ደጋግሙ። ኮምፒውተር ያላቸው ቡድኖች በፓይተን 200 ጊዜ ሊያስደግሙት ይችላሉ፦

```python
import random
bag = ["A", "B", "C", "D", "E"]
for i in range(200):
    bag.append(random.choice(bag))
for song in "ABCDE":
    print(song, bag.count(song))
```

ፕሮግራሙን ደጋግማችሁ ስታስኬዱ አሸናፊው ይለዋወጣል፤ አንዳንዱ ዘፈን እጅግ ሲገን ሌላው ብዙ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሆኖም በመካከላቸው የጥራት ልዩነት አልነበረም። ሪፖርታችሁ ውስጥ የአሥር ሙከራ ውጤት በሠንጠረዥ አስቀምጡ፤ ከዚያም አዲስ ድምፃዊ ወይም ጥቂት ተናጋሪ ባለው ቋንቋ የሚሠራ ሰው በዚህ አካሄድ ምን እንደሚደርስበት ጻፉ። አዙሪቱን የሚያላላ አንድ ደንብ ራሳችሁ አውጥታችሁ ብትሞክሩት ደግሞ ሥራችሁ ይበልጥ ይዳብራል፤ ለምሳሌ ከየአምስቱ ዕጣ አንዱ የወረቀቱን ብዛት ሳያይ ለአምስቱም እኩል ዕድል ቢሰጥ ምን ይለወጣል?

ርዕስ 2፦ አማካዩ የሚሸፍነው ስሕተት

አንድ የፊት መለያ ሥርዓት በ100 ፎቶዎች ተፈትኖ 95ቱን በትክክል ለየ እንበል። ውጤቱ ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን 90ዎቹ ፎቶዎች የአንድ ቡድን ሰዎች ሆነው 89ኙ ትክክል ከሆኑ፣ ከሌላው ቡድን 10 ፎቶዎች ደግሞ 6ቱ ብቻ ትክክል ከሆኑ፣ ለሁለተኛው ቡድን ሥርዓቱ ከአሥር ጊዜ አራቱን ይሳሳታል ማለት ነው። የቡድኖቹን ብዛት እየቀያየራችሁ አማካዩ ስሕተቱን መቼ እንደሚሸፍንና መቼ እንደሚያጋልጥ በግራፍ አሳዩ።

ነገሩ በተግባር የታየ ነው። ጆይ ቡኦላምዊኒና ትምኒት ገብሩ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፣ የሰውን ፆታ ከፊቱ የሚገምቱ ሦስት የንግድ ሥርዓቶችን ከስድስት አገሮች በተሰበሰቡ 1,270 የፓርላማ አባላት ፎቶዎች ፈትነዋል። ቆዳቸው ነጣ ባለ ወንዶች ላይ ስሕተቱ ከ0.8 በመቶ አልበለጠም፤ ቆዳቸው ጠቆር ባለ ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 በመቶ ደርሷል። ሪፖርታችሁ ሥርዓቱ የተማረባቸው ፎቶዎች ስብጥር ለዚህ ልዩነት እንዴት ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ማስረዳት አለበት።

ርዕስ 3፦ የመቁረጫው ነጥብ

የፊት መለያ ሥርዓት «ይህ ሰው እሱ ነው» ብሎ በእርግጠኝነት አያውቅም፤ የሁለት ፎቶዎችን መመሳሰል በቁጥር ይሰጣል፣ ቁጥሩ ከስንት በላይ ሲሆን «አንድ ሰው ናቸው» እንደሚባል የሚወስነው ግን ሰው ነው። ነጥቡን ዝቅ ማድረግ ንጹሑን ሰው ያስጠረጥራል፤ ከፍ ማድረግ ደግሞ ትክክለኛውን ባለቤት ያስከለክላል። ከመምህራችሁ የሃያ ጥንድ ፎቶዎችን የመመሳሰል ቁጥርና እያንዳንዱ ጥንድ በእርግጥ የአንድ ሰው መሆን አለመሆኑን ተቀብላችሁ በሦስት የተለያዩ ነጥቦች ሁለቱንም ዓይነት ስሕተት ቁጠሩ። ከዚያም ለስልክ መክፈቻና ለፖሊስ ምርመራ አንድ ዓይነት ነጥብ መጠቀም ተገቢ መሆን አለመሆኑን ተከራከሩበት። ለክርክሩ የሚረዳ እውነተኛ ጉዳይ አለ፦ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 አንድ ጥቁር አሜሪካዊ በተሳሳተ የፊት ማመሳሰል ምክንያት በአሜሪካ የዲትሮይት ከተማ ፖሊስ ተይዞ ከአንድ ቀን በላይ ታስሯል።

ርዕስ 4፦ ደረጃ የሰጠው ማን ነው?

ሙቪሌንስ 100K የተባለው ለጥናት ክፍት የሆነ የዳታ ስብስብ 943 ሰዎች ለ1,682 ፊልሞች የሰጡትን 100,000 ደረጃ ይዟል። `u.user` የተባለውን ፋይል ከፍታችሁ ተሳታፊዎቹን በፆታ፣ በዕድሜና በሥራ ቁጠሩ፤ በዚህ ስብስብ የተማረ ሥርዓት የማንን ምርጫ አሳንሶ ሊያይ እንደሚችል ጻፉ።

የትኛውንም ርዕስ ብትመርጡ የክፍል ጓደኞቻችሁን ወይም የሌላ ሰው የፊት ፎቶ አትሰብስቡ፤ የተሰረቀ የይለፍ ቃል ይተካል፣ ፊት ግን አይለወጥም፤ ለፕሮጀክታችሁም ቁጥሮቹ ይበቃሉ። ሪፖርቱ ከአራት ገጽ ሳይበልጥ የቆጠራችሁበትን ሠንጠረዥ፣ ያወጣችሁትን መደምደሚያና መደምደሚያችሁን ሊያፈርስ የሚችል አንድ ተቃውሞ ይዞ ይቅረብ።