ዋክን በቁጥር፦ የአዘዞው የሰሊጥ ማኅበር ስንት በመቶ ማትረፍ አለበት?

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ። አዘዞ ላይ ከመተማና ከቋራ የሚመጣ ሰሊጥ አበጥሮ የሚሸጥ አክሲዮን ማኅበር አለ እንበል። የዘይት መጭመቂያ መግዛት ፈልጓል፤ ዋጋው 20 ሚሊዮን ብር ነው። ባንክ ሄዶ ሲጠይቅ ሙሉውን በ16 በመቶ ወለድ እንደሚያበድረው ተነገረው። መጭመቂያው በዓመት 16.5 በመቶ ያስገኛል። ይግዛ ወይስ ይቅርበት?

ክፍል ውስጥ ይህን ስጠይቅ አብዛኛው ተማሪ «ይግዛ» ይላል። 16.5 ከ16 ይበልጣላ! የግብር ትምህርቱን ያልረሳ ደግሞ የብድሩ ትክክለኛ ወጪ ከ16ም ያነሰ ነው ብሎ ይጨምርበታል። መልሱ ግን አይግዛ ነው። ለምን እንደሆነ ለማየት ማኅበሩ የሚሠራበት ገንዘብ በሙሉ ስንት እንደሚያስወጣው ማስላት አለብን። ይህ ነው ክብደት የተሰጠው አማካይ የካፒታል ወጪ፣ በክፍል ቋንቋችን ዋክ የምንለው።

ሐሳቡ ከጂፒኤ ስሌት የተለየ አይደለም። ባለ 4 ክሬዲት ኮርስ ከባለ 2 ክሬዲቱ ይልቅ ውጤታችሁን ይጎትታል። እዚህም እንደዚያው ነው፤ ብዙ ድርሻ ያለው የገንዘብ ምንጭ አማካዩን ወደ ራሱ ይስበዋል። ቀመሩ ይኸውና፦

```
WACC = (E/V) × Re + (P/V) × Rp + (D/V) × Rd × (1 − T)
```

E የተራ አክሲዮኖች የገበያ ዋጋ ነው። P ቅድሚያ ያላቸው አክሲዮኖች ናቸው፣ D ደግሞ ብድር። V የሦስቱ ድምር ነው። R የየአንዳንዱ ወጪ ሲሆን T የትርፍ ግብር ነው፤ በኢትዮጵያ ለኩባንያ 30 በመቶ።

ወደ ማኅበራችን እንመለስ። 200,000 ተራ አክሲዮኖች አሉት፤ አንዱ ዛሬ በ300 ብር ይሸጣል። ስለዚህ 60 ሚሊዮን ብር። ቅድሚያ ያላቸው አክሲዮኖች 40,000 ናቸው፤ አንዱ 250 ብር ያወጣል፤ 10 ሚሊዮን ብር። የባንክ ብድሩ 30 ሚሊዮን ነው። ድምሩ 100 ሚሊዮን ብር። ክብደቶቹም 0.60፣ 0.10 እና 0.30 ይሆናሉ። (ቁጥሮቹን ለትምህርት እንዲመቹ አድርጌ የመረጥኳቸው ናቸው፤ ፈተና ላይ እንዲህ ለስላሳ ሆነው አይመጡላችሁም።)

አሁን የየአንዳንዱን ወጪ እናውጣ። ከቀላሉ ልጀምር።

ብድሩ 16 በመቶ ነው። ወለድ ግን ከግብር በፊት የሚቀነስ ወጪ ነው። ማኅበሩ 16 ብር ወለድ ሲከፍል ግብር የሚጣልበት ትርፉ በ16 ብር ያንሳል፣ ስለዚህ 4.80 ብር ግብር ይድናል። በተግባር ከኪሱ የወጣው 11.20 ብር ነው፤ 16 × (1 − 0.30) = 11.2 በመቶ። ይህ የሚሠራው ማኅበሩ ትርፍ ካለው ብቻ መሆኑን አትርሱ። ለከሰረ ድርጅት የዘንድሮው የግብር ጥቅም የለም።

ቅድሚያ ያላቸው አክሲዮኖች በዓመት 35 ብር ድርሻ ይከፈልባቸዋል። 35 ለ250 ሲካፈል 14 በመቶ። እዚህ ጋ ግብር አትቀንሱ! የትርፍ ድርሻ የሚከፈለው ግብር ከተከፈለ በኋላ ከቀረው ገንዘብ ነው። በየዓመቱ የፈተና ወረቀት ሳርም በዚህ አንድ መስመር ብቻ ነጥብ የሚጥሉ ልጆች ያሳዝኑኛል።

አስቸጋሪው የተራ አክሲዮን ወጪ ነው። ብዙ ሰው፣ ነጋዴውም ጭምር፣ የባለአክሲዮን ገንዘብ ነጻ ይመስለዋል። ወለድ የለውም፣ በየወሩ ደውሎ የሚያስጨንቅ አበዳሪ የለውም፣ ያልተከፋፈለ ትርፍ ከሆነማ ጭራሽ «የራሳችን ገንዘብ ነው» ይባላል። አይደለም። ባለአክሲዮኑ ያንን ገንዘብ ተቀብሎ ሌላ ቦታ ማዋል ይችል ነበር። የግምጃ ቤት ሰነድ ሊገዛበት፣ የሌላ ድርጅት አክሲዮን ሊገዛበት ይችል ነበር። ማኅበሩ ውስጥ ሲተወው ያጣው ጥቅም አለ፤ ወጪው ያ ነው። ደግሞም ከሁሉም ይበልጣል፣ ምክንያቱም ድርጅቱ ሲወድቅ ባንኩ ቀድሞ ይወስዳል፣ ባለአክሲዮኑ የሚያገኘው ከተረፈ ነው። ሰሊጥ ዋጋው ዘንድሮ ወጥቶ ለከርሞ ሲወርድ ድንጋጤው የሚያርፈው በእሱ ላይ ነው።

ይህን ወጪ የምንገምተው በካፕኤም ነው፤ ከስጋት ነጻ በሆነው ወለድ ላይ የስጋቱን ዋጋ የሚደምር ቀመር ነው። ከስጋት ነጻ የሆነው ወለድ 12 በመቶ፣ የአጠቃላይ ገበያው የሚጠበቅ ትርፍ 19 በመቶ፣ የማኅበሩ ቤታ፣ ማለትም አክሲዮኑ ከአጠቃላይ ገበያው ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደሚዋዥቅ የሚለካው ቁጥር፣ 1.2 ነው ብለን እንውሰድ። የገበያው ትርፍ ከስጋት ነጻው የሚበልጠው በ7 ነጥብ ነው። ስለዚህ፦

```
Re = 12 + 1.2 × (19 − 12) = 20.4
```

20.4 በመቶ። በአንድ መንገድ ብቻ አትተማመኑ፤ በሌላም ፈትሹት። ማኅበሩ አምና በአንድ አክሲዮን 36 ብር ከፍሏል፣ ክፍያውም በዓመት 8 በመቶ ያድጋል ብንል የሚቀጥለው ክፍያ 38.88 ብር ነው። 38.88 ለ300 ሲካፈል 12.96 በመቶ ይመጣል፤ እድገቱን ስንደምርበት 20.96 በመቶ። ሁለቱ ተቀራረቡ፤ ጥሩ ምልክት ነው። አንዱ 20 ሌላው 35 ቢመጣ ኖሮ ግምቶቻችሁን እንደገና ማየት ነበረባችሁ። እኛ በ20.4 እንቀጥል።

```
0.60 × 20.4 = 12.24
0.10 × 14.0 =  1.40
0.30 × 11.2 =  3.36
WACC        = 17.00
```

17 በመቶ። ማኅበሩ የሚገባበት ሥራ፣ ከአሁኑ ሥራው ጋር የሚመሳሰል ስጋት ካለው፣ ቢያንስ ይህን ማስገኘት አለበት። 16.5 በመቶው አይበቃም ማለት ነው።

በብርም እንየው። መጭመቂያው ለ5 ዓመት በየዓመቱ 6.18 ሚሊዮን ብር ከግብር በኋላ ያስገባል እንበል፤ 16.5 በመቶው የመጣው ከዚህ ነው። የ5 ዓመቱን ገቢ በ17 በመቶ ወደ ዛሬ ዋጋ የሚያመጣው ማባዣ 3.1993 ነው። 6.18 ሲባዛ በ3.1993 ወደ 19.77 ሚሊዮን ብር ይመጣል። 20 ሚሊዮን አውጥታችሁ የ19.77 ሚሊዮን ነገር ገዛችሁ ማለት ነው። 228,000 ብር ገደማ ከባለአክሲዮኖች ሀብት ጠፋ።

«ግን እኮ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ከባንክ ነው የመጣው፤ 11.2 በመቶ ነው ያስወጣን» የሚል ይኖራል። ይህ ክርክር በጣም የተለመደ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። ባንኩ 20 ሚሊዮኑን ያበደረው መጭመቂያውን አይቶ ብቻ አይደለም። ከጀርባው ያለውን መጋዘን፣ ማበጠሪያውንና የባለአክሲዮኖቹን 60 ሚሊዮን አይቶ ነው። ባለአክሲዮኖቹ ስጋቱን ስለተሸከሙለት ነው በ16 በመቶ የረካው። ብድሩ ሲጨምር የእነሱ ስጋት ይጨምራል፣ የሚፈልጉት ትርፍም ይጨምራል፤ ሞዲግሊያኒና ሚለር በ1958 ያሳዩት ዋና ነገር ይኸው ነው። በዚያ ላይ ዘንድሮ የመበደር አቅሙን በመጭመቂያው ከጨረሰው፣ ለከርሞ 18 በመቶ የሚያስገኝ ሥራ ቢመጣ በአክሲዮን ገንዘብ ብቻ ሊሠራው ነው፤ ያ ደግሞ ከ20 በመቶ በላይ ያስወጣዋል። የተሻለውን ሥራ ጥሎ የባሰውን ሠራ ማለት ነው፣ በቅደም ተከተል ብቻ! ስለዚህ አንድን ሥራ ከአንድ ብር ምንጭ ጋር አታጋቡ። ገንዘቡ ሁሉ ተቀላቅሎ ነው የሚሠራው።

ሁለተኛው ትልቅ ጉዳይ ክብደቱ ነው። ሒሳብ ሠራተኛው የሚሰጣችሁ የመዝገብ ዋጋ ነው። በመዝገብ የተራ አክሲዮኑ መነሻ 20 ሚሊዮን፣ ያልተከፋፈለው ትርፍ 16 ሚሊዮን፣ በድምሩ 36 ሚሊዮን ነው እንበል። ቅድሚያ ያላቸው 8 ሚሊዮን፣ ብድሩ ያው 30። ድምሩ 74 ሚሊዮን። ክብደቶቹ 0.4865፣ 0.1081 እና 0.4054 ይሆናሉ፣ ዋኩም ወደ 15.98 በመቶ ይወርዳል። አሁን መጭመቂያው 16.5 ስለሚያስገኝ «አዋጭ» ሆነ! የዛሬ ዋጋውን ብታሰሉ 245,000 ብር ገደማ ትርፍ ያሳያችኋል። በእውኑ ግን ምንም የተለወጠ ነገር የለም። መዝገቡ የሚነግረን ባለአክሲዮኖቹ ያኔ ያስገቡትን ነው፤ እኛ የምንፈልገው ዛሬ ሥራው ውስጥ ያስቀመጡት ስንት እንደሆነ ነው። አክሲዮኑን በ300 ብር ሸጦ መውጣት የሚችል ሰው 20.4 በመቶውን የሚጠብቀው በ300 ብሩ ላይ እንጂ በ180 ብሩ የመዝገብ ዋጋ ላይ አይደለም።

እኛ አገር የገበያ ዋጋ ማግኘት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ የተከፈተው በጥር 2017 ነው፣ አብዛኛው አክሲዮን ማኅበርም እዚያ አልተመዘገበም። ቢሆንም ወደ መዝገቡ አትሽሹ። በቅርብ ጊዜ አክሲዮን የተሸጠበትን ዋጋ ጠይቁ፣ ወይም የወደፊት ገቢውን ይዛችሁ ገምቱ። ግምት ቢሆንም ጥያቄው ትክክለኛ ነው።

ሌሎቹን ጥንቃቄዎች ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። የሥራውን ገንዘብ ፍሰት ስታወጡ ወለድ አትቀንሱ፤ ወለዱ ዋኩ ውስጥ ስላለ ሁለት ጊዜ ትቆጥሩታላችሁ። የዋጋ ንረት ያለበትን ዋክ ይዛችሁ ንረት ያልገባበትን ገቢ አታካፍሉ፣ በተለይ እንደኛ ዋጋ ቶሎ ቶሎ በሚጨምርበት አገር ጥሩ ሥራ ያስጥላችኋል። ማኅበሩ ነገ ተነስቶ ፋሲል ግንብ አጠገብ ሆቴል እሠራለሁ ቢል ደግሞ ይህ 17 በመቶ አያገለግልም። የሆቴል ስጋት የሰሊጥ ስጋት አይደለም፤ ጥምቀት ላይ ሞልቶ ሌላ ጊዜ ባዶ ሊሆን ይችላል፣ ጸጥታ ሲደፈርስ እንግዳ ይቀራል። የሆቴል ሥራ ላይ ያሉ ድርጅቶችን ቤታ ወስዳችሁ አዲስ ዋክ አስሉ።

ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ይህን ሠርታችሁ ኑ። ባንኩ የብድሩን ወለድ ወደ 18 በመቶ አሳደገ፣ ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው። አዲሱ ዋክ 17.42 በመቶ መምጣት አለበት። 19.04 ከመጣላችሁ የብድሩን ግብር ሳትቀንሱ ቀርታችኋል፤ 17.60 ከመጣላችሁ 17ቱን ይዛችሁ የጭማሪውን ግብር ሳትቀንሱ 0.60 ደምራችኋል፣ ስሌቱን ከመጀመሪያው መስመር ጀምራችሁ እንደገና ሥሩት። ቀጥላችሁም ወለዱ ሲወጣ «ሌላው ሁሉ እንዳለ» የሚለው ግምት ለምን እንደማያስኬድ በሁለት አረፍተ ነገር ጻፉ፤ ካፕኤም ውስጥ ያለውን 12 በመቶ እዩት።