መልመጃ 3፦ የሞመንት ዘዴ፣ ከነአሠራሩ

ጥያቄ 1። ስምንት ተሳፋሪዎች ታክሲ የጠበቁበት ጊዜ በደቂቃ፦ 2፣ 3፣ 5፣ 6፣ 7፣ 9፣ 12፣ 20። ጊዜው የጋማ ስርጭት አለው ብላችሁ α እና β ገምቱ። እዚህ β ስኬል ነው፤ አንዳንድ መጽሐፍ ግን ሬት ያደርገዋል፤ ያኔ መልሱ ይገለበጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው መስመር ላይ የትኛውን እንደያዛችሁ ጻፉ።

አሠራር። የማይታወቁት ሁለት ስለሆኑ ሁለት ሞመንት ያስፈልጋል፦

E[X] = αβ
E[X²] = α(α+1)β²

በግራ ያሉትን በናሙናው x̄ እና m₂ እንተካ። ከሁለተኛው የመጀመሪያውን ስኩዌር ስንቀንስ α² ያለበት ይጠፋል፦

m₂ − x̄² = αβ²

ይህን ለ x̄ = αβ ስናካፍል፦

β̂ = (m₂ − x̄²)/x̄
α̂ = x̄²/(m₂ − x̄²)

ቁጥሩ፦ ድምሩ 64፣ x̄ = 8። የስኩዌሮቹ ድምር 748፣ m₂ = 748/8 = 93.5። ልዩነቱ 93.5 − 64 = 29.5።

β̂ = 29.5/8 ≈ 3.69፣ α̂ = 64/29.5 ≈ 2.17

ማረጋገጫ፦ 2.17 × 3.69 ≈ 8። ካልመጣ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል።

ማርክ በብዛት የሚቀነሰው እዚህ ነው፦ 29.5 የሚገኘው ለ n ሲካፈል ነው። በካልኩሌተሩ የ n−1 ቁልፍ የሠራ ሰው 33.71 ያገኛል፤ α̂ም 1.90 ይሆናል። ሞመንቱ በ n ስለተተረጎመ ይህ የሞመንት ዘዴ መልስ አይደለም። በእጅ ስትጽፉ ደግሞ α ከ a ጋር እንዳይምታታ ጅራቱን አስረዝሙት፤ ኮፍያውንም (α̂) አትርሱ። ያለ ኮፍያ የተጻፈው እውነተኛው ፓራሜትር ነው፣ ግምቱ አይደለም።

ጥያቄ 2። ናሙና፦ 1፣ 2፣ 3፣ 10።

(ሀ) ስርጭቱ ዩኒፎርም (0, θ) ከሆነ፦ E[X] = θ/2፣ ስለዚህ θ̂ = 2x̄ = 2 × 4 = 8።

ቆም ብላችሁ እዩት፦ 10 በናሙናው ውስጥ አለ፣ እኛ ግን ከፍተኛው 8 ነው አልን! ስሌቱ ትክክል ነው፤ ዘዴው አማካዩን እንጂ ትልቁን ቁጥር ስለማያይ ነው። θ̂ አድልዎ የለውም፣ ቫሪያንሱም θ²/(3n) ነው፤ ያም ሆኖ እዚህ የማይቻል ግምት ሰጠ። መልሱን 8 ብላችሁ ጻፉና ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ግለጹ። ወደ 10 አታሳድጉት፤ ያ የማክሲመም ላይክሊሁድ ግምት ነው።

(ለ) ዩኒፎርም (a, b) ከሆነ፦ ቫሪያንሱ (b−a)²/12 ስለሆነ የክልሉ ግማሽ √(3(m₂ − x̄²)) ነው። m₂ = 114/4 = 28.5፣ ልዩነቱ 12.5፣ √37.5 ≈ 6.12።

â = 4 − 6.12 = −2.12
b̂ = 4 + 6.12 = 10.12

ስኩዌር ሩቱ ± ያመጣል፤ a < b ስለሆነ መቀነሱ ለ a፣ መደመሩ ለ b ነው። ይህችን ምክንያት ሳይጽፍ ያለፈ 1 ማርክ ያጣል።