ጉዳዩ፦ የገጠር መጠጥ ውሃ ፕሮጀክት ሳምንታዊ የሥራ ሁኔታ መግለጫ (ከጥር 10 እስከ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.)

ለፕሮጀክቱ አስተባባሪ ኮሚቴ አባላት በሙሉ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

በዚህ ሳምንት የእናንተን ውሳኔ አጥብቆ የሚሻው የጉድጓዱ ውሃ የፍሎራይድ መጠን ጉዳይ ነው። ለ72 ሰዓት ያለማቋረጥ በተካሄደው የፓምፕ ሙከራ ጉድጓዱ በሰከንድ 8 ሊትር እንደሚሰጥ ተረጋግጧል፤ የውሃው ናሙና የላብራቶሪ ውጤት ግን ለምርመራው የሚያስፈልገው ኬሚካል በማለቁ እስካሁን አልደረሰንም። ውጤቱን ሐሙስ ጥር 22 እንደሚሰጡን በስልክ ነግረውናል። የምንሠራው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ እንደመሆኑ መጠኑ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ወሰን ሊያልፍ የሚችልበት ዕድል ቀላል አይደለም፤ ካለፈም ማጣሪያ መጨመር ወይም ከሌላ ምንጭ ጋር ማደባለቅ ስለሚያስፈልግ የመስመሩ ንድፍ ጭምር ይለወጣል። ስለዚህ ለውሳኔ የቀረበላችሁ የ4 ኪሎ ሜትር ዋና መስመር ቧንቧ ግዢ ውጤቱ እስኪታወቅ እንዲቆይ እጠይቃለሁ። የአቅራቢው ዋጋ እስከ ጥር 30 ስለሚጸና፣ ውጤቱ በተባለው ቀን ከደረሰ በመቆየታችን የምናጣው ነገር የለም።

የኤሌክትሪክ መስመር ክፍያው ተፈጽሟል፤ ትራንስፎርመሩ መቼ እንደሚተከል ግን በጽሑፍ የተሰጠን ቀን ባለመኖሩ እኔም እዚህ ቀን ለማስቀመጥ አልደፈርኩም። ለሙከራ ሥራው የሚሆን ጄኔሬተር እንድንከራይ ያቀረብኩት ጥያቄ እስከ ሰኞ ጥር 26 ምላሽ ቢያገኝ መልካም ነው፤ ከዚያ ከዘገየ ኪራዩ ከፓምፑ ተከላ ጋር አይገጥምም።

ፓምፑ ሞጆ ደረቅ ወደብ ደርሷል። አቅራቢው የላከው የዕቃ ዝርዝር ሰነድ ከደረሰኙ ጋር ባለመጣጣሙ የተስተካከለውን እየጠበቅን ሲሆን፣ ዕቃው የካቲት 3 ሳይት ይገባል ብዬ እገምታለሁ።

መስመሩ የሚያልፍባቸው የሁለት አርሶ አደሮች ማሳዎች ሽንኩርት ላይ ናቸው። ከቀበሌው አስተዳደር ጋር በተደረገው ውይይት ቁፋሮው ምርቱ ከተሰበሰበ በኋላ የካቲት 10 እንዲጀመር ባለቤቶቹ ተስማምተዋል፤ የሰብል ካሳ ክፍያም ስለሚቀር ከዚህ የተሻለ አማራጭ አይታየኝም። ስምምነቱን በጽሑፍ ማስፈረም ይቀረናል።

በጥምቀትና በማግስቱ በሚካኤል በዓል ምክንያት፣ ማክሰኞም አብዛኛው የቀን ሠራተኛ ስላልተመለሰ፣ በመስክ የተሠራው ሦስት ቀን ብቻ ነው። የ50 ሜትር ኩብ የውሃ ማጠራቀሚያው የግድግዳ ብረት ማሰር አልቋል፤ የኮንክሪት ሙሌቱ በሚቀጥለው ሳምንት ይከናወናል፣ ማጠራቀሚያውም የካቲት 21 ይጠናቀቃል።

መጋቢት 15 የነበረው የሙከራ አገልግሎት መጀመሪያ ቀን ወደ መጋቢት 29 ተሸጋግሯል። ይህ ቀን የሚጸናው የፍሎራይዱ መጠን ከወሰኑ ካላለፈና የጄኔሬተሩ ኪራይ ከተፈቀደ ብቻ ነው። የላብራቶሪውን ውጤት እንደደረሰኝ የሚቀጥለውን ሳምንት መግለጫ ሳልጠብቅ ለብቻው እልክላችኋለሁ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር
የፕሮጀክቱ አስተባባሪ

ግልባጭ፦ ለሳይት መሐንዲሱ፣ ለግዢ ክፍል፣ ለፋይናንስ ክፍል