የጥምቀት ሉክቡክ፦ ከአንድ ማኒኪን ፎቶ ሰባት ቀሚስ

ፎቶው ደርሶሻል አይደል? ፋይሉ kemis_01.jpg ይላል። ነጩ ቀሚስ ማኒኪኗ ላይ ሆኖ፣ ከፊት ለፊት፣ በመስኮቱ ብርሃን የተነሳው ነው። ደረቱ ላይ መስቀል፣ ዘርፉ ላይ አረንጓዴና ወርቃማ ጥለት አለው። ሌሎቹን ሦስት ፎቶዎች ተያቸው። አንዱ ላይ ማኒኪኗ ጋደል ብላለች፣ ሁለቱ ላይ የእኔ ጥላ ገብቷል።

ሰባቱን ቀሚስ ሰፍተን፣ ሞዴል ቀጥረን፣ ፎቶ አስነስተን ለጥር 11 አንደርስም። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ደግሞ የታወቀ ነው፣ ይበጣጠስ። ስለዚህ ከዚህች አንድ ፎቶ ሰባቱንም በምስል ሠሪ ኤአይ እናወጣለን፤ ለእሱ የምንሰጠው ትእዛዝ፣ ፕሮምፕቱ፣ ከታች አለ። ደንበኛዋ ትመርጣለች፣ ሸማኔያችን ይሸምናል፣ እኔ እሰፋለሁ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ በእጃችን የማንሠራው ነገር ምስሉ ላይ አይውጣ። አምና አንዲት ደንበኛ ስልኳ ላይ ያየችውን የቀሚስ ምስል ይዛ መጣች። ጥለቱ ወገቡ ጋ ሲደርስ እንደ ቀለጠ ሰም ይፈሳል። እንዲህ የሚሸምን እጅ የለም ብዬ ለማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ጨርቁ፣ አቆራረጡ፣ ቀለሙ ይቀያየራል። ቅርጹ ግን አይነካም። ቅርጽ የምለው ቀሚሱ ግድግዳ ላይ ጥላውን ቢጥል የምታይውን ነው። ፓተርናችን አንድ ነው፤ ቅርጹ ከተቀየረ ሌላ ፓተርን ልቀድ ነው።

መነሻ (ከእያንዳንዱ ፕሮምፕት በፊት ይለጠፋል)

የተያያዘው ፎቶ ማኒኪን ላይ ያለ ረጅም ቀሚስ ነው። የቀሚሱ የውጭ መስመር እንዳለ ይቆይ፦ የትከሻው ስፋት፣ ወገቡ የሚጠብበት ቦታ፣ ከዳሌ በታች የሚሰፋበት መጠን፣ መሬት የሚነካው ዘርፍ፣ የእጅጌው ርዝመትና ስፋት፣ የክንዶቹ አቀማመጥ። አዲሱ ምስል በዚህ ፎቶ ላይ ቢደረብ ጠርዞቹ መግጠም አለባቸው። ማኒኪኗ ራስ የላትም፤ ራስ፣ ፊት፣ ጸጉር አይጨመር። ካሜራው ከፊት ለፊት፣ በወገብ ከፍታ፣ እንዳለ ይቆይ። ብርሃኑ ከግራ ይምጣ፣ ጥላው በቀኝ ይረፍ። ከኋላ ያለው ግድግዳ ምንም የሌለበት ግራጫ ይሁን። ምስሉ የቆመ፣ 4:5። ጽሑፍ፣ አርማ፣ ጌጣጌጥ አይግባ። ከዚህ በታች ከተጻፈው በቀር ምንም ነገር አይቀየር።

ግራጫውን ለውበት ብዬ አይደለም። ነጭ ሸማ ነጭ ግድግዳ ላይ ጠርዙ ይጠፋል። ጠርዙ ከጠፋ ደግሞ ወገቡን ደስ ያለው ቦታ ያስቀምጠዋል።

1. ፈትል

ጨርቁ ብቻ ይቀየር። አሁን ያለው የፋብሪካ ጥጥ በእጅ ተፈትሎ በእጅ በተሸመነ ጥጥ ይተካ። ክሩ እኩል ውፍረት አይኑረው፤ እዚህም እዚያም ወፈር ያለ ክር በአግድም ይታይ። ጨርቁ ሳሳ ያለ ነው፤ ከጉልበት በታች ብርሃን በትንሹ ያሳልፍ። ከደረት እስከ ጉልበት ገበር ስላለው አያሳይ። እጥፋቶቹ ትንንሽና ለስላሳ ይሁኑ። ቀለሙ ያልነጣ የጥጥ ቀለም ነው፤ እንደ ወረቀት የነጣ ወይም ሰማያዊ የነካው አይሁን። መስቀሉ፣ ጥለቱ፣ አንገቱ፣ እጅጌው እንዳሉ ይቆዩ።

ይሄ ረጅም ነው ብለሽ እንዳታሳጥሪው። «የሐበሻ ጨርቅ» ብዬ ብቻ ስጽፍ ዳንቴል አመጣልኝ። ደግሜ ስሞክር መጋረጃ የመሰለ ነገር ሰጠኝ። የክሩን ውፍረት ስነግረው ነው ሸማ የሆነው።

2. ከፋይ

ጨርቁ ወደ ከፋይ፣ ቀለሙ ወደ ጥቁር ወይን ጠጅ ይቀየር። ከፋዩ ብርሃን የሚይዘው እጥፋቶቹ ጫፍ ላይ ብቻ ነው፤ የእጥፋቶቹ ውስጥ ወደ ጥቁር ይጠጋ። እጥፋቶቹ ጥቂት፣ ወፍራምና ከወገብ ቀጥ ብለው የሚወርዱ ይሁኑ። የጨርቁ ክብደት በእጥፋቱ ይታይ እንጂ በቀሚሱ ስፋት አይታይ፤ ዳሌውና ዘርፉ ከመጀመሪያው ፎቶ በአንድ ጣት እንኳ አይስፉ። ጥለቱ በተመሳሳይ ቦታና ስፋት በወርቃማ ክር የተጠለፈ ይሁን። መስቀሉም እንዲሁ።

እዚህ ላይ ጨርቅና ቀለም አንድ ላይ ቀይሬያለሁ፣ ነጭ ከፋይ ስለሌለን ነው። ዋሽንግተን ያሉት ደንበኞቻችን ይሄን ይወዱታል። እዚያ ጥር ብርድ ነው፣ ሳሳ ያለ ሸማ ለብሰው ውጭ መቆም አይችሉም። ከሰባቱ ብዙ የሚያስቸግርሽም ይሄ ነው። ከፋይ ሲባል የንግሥት ካባ ይመስለዋል መሰለኝ፣ ቀሚሱን ይነፋዋል።

3. ሽፎን

ጨርቁ ብቻ ይቀየር። ላዩ ነጭ ሽፎን፣ ውስጡ ነጭ ገበር ይሁን። ሽፎኑ ገበሩ ላይ ተኝቶ በቀጥታ ይውረድ። ክፍሉ ውስጥ ነፋስ የለም፤ ጨርቁ አይነሳ፣ አይንሳፈፍ። እጅጌው ገበር ስለሌለው የማኒኪኗ ክንድ በስሱ ይታይ፤ ክንዱ የፕላስቲክ ነው፣ ቆዳ አይምሰል። ጥለቱ በሸማ ላይ ተሸምኖ ከዘርፉ ጋር የተሰፋ ይሁን፤ የተሰፋበት መስመር ይታይ።

«ነፋስ የለም» የሚለውን ካላስገባሽ ቀሚሱ ይበራል።

4. አንገትና ስፌት

አቆራረጡ ብቻ ይቀየር፣ ያውም ከውጭ መስመሩ ውስጥ ያለው ብቻ። ጨርቁ የፕሮምፕት 1 ፈትል ነው። ክቡ አንገት ወደ ቪ ይቀየር፤ ቪው ከአንገት ሥር አራት ጣት ያህል ብቻ ይውረድ። የመስቀሉ ጥልፍ ከቪው ጫፍ ይጀምርና እስከ ወገብ ይውረድ። ወገብ ላይ ያለው አግድም ስፌት ወደ ደረት ሥር ከፍ ይበል። ስፌቱ ከፍ ቢልም ቀሚሱ የሚጠብበት ቦታ የድሮው ወገብ ነው። ከአዲሱ ስፌት በታች ስድስት ቀጫጭን ሽንሽኖች እስከ ዳሌ ተሰፍተው ይውረዱና ከዚያ ይለቀቁ።

አራት ጣት ያልኩት ለቤተ ክርስቲያን ስለሚለበስ ነው። ሽንሽኑ ሰባት ወይም አምስት ከሆነ መልሺው። ደንበኛ ትቆጥራለች፣ እመኚኝ።

5. የተከፈተ እጅጌ

እጅጌው ብቻ ይቀየር። የእጅጌው ርዝመትና የውጭ ጠርዝ እንዳለ ሆኖ ከክርን እስከ አንጓ በፊት በኩል ይከፈት። የመክፈቻው ሁለቱ ጠርዞች በአንድ ጣት ስፋት ጥለት ይያዙ። አንጓው ላይ በአንዲት ትንሽ ቁልፍ ይገናኙ። የተከፈተው ጨርቅ ወደ ጎን አይንጠልጠል። የቀረው የቀሚሱ ክፍል እንደ ፕሮምፕት 1 ይሁን።

6. አደይ ጥለት

የጥለቱ ቀለም ብቻ ይቀየር። ጨርቁ የፕሮምፕት 1 ፈትል፣ አቆራረጡ እንደ መጀመሪያው ፎቶ ነው። የጥለቱ ንድፍ አብሮ በተያያዘው ሁለተኛ ፎቶ tilet_03.jpg ላይ ያለው ነው፤ ሌላ ንድፍ አይፈጠር። ቀለሞቹ፦

```
#E3B505
#1F6B3A
#F4EFE2
```

የመጀመሪያው የአደይ ቢጫ ነው፣ ሰፊውን ቦታ ይያዝ። ሁለተኛው አረንጓዴ የዳይመንዶቹ ጠርዝ ይሁን። ሦስተኛው የጥጡ መደብ ነው። ጥለቱ በክር የተሸመነ እንጂ የታተመ አይምሰል፤ የክሩ ከፍታ ይታይ። ጥለቱ ዘርፉን ተከትሎ ሲዞር በእጥፋቶቹ ውስጥ ይግባ፣ ይውጣ፣ ይቆራረጥ፤ ዳይመንዶቹ ግን አይለጠጡ፣ አይቅለጡ። መስቀሉ ላይም ያው ሦስቱ ቀለሞች ብቻ ይኑሩ።

ቁጥሮቹን ያገኘኋቸው የክሩን ናሙና ጠዋት በረንዳ ላይ ፎቶ አንስቼ ነው። በማታ መብራት ያነሳሁት ቢጫ ብርቱካን ሆኖ አረፈው። ሸማኔያችን ስክሪኑን አሳይቼው «ይሄ ክር አለኝ» ብሏል፣ ስለዚህ ቀለሙን በራስሽ አታድምቂው።

7. ጃኖ

ጨርቁ፣ አቆራረጡና ቀለሙ ሦስቱም ይቀየሩ። ጨርቁ የፕሮምፕት 1 ፈትል ይሁን። አንገቱ ወደ ቆመ፣ ሁለት ጣት ከፍታ ወዳለው አንገት ይቀየር፤ ከአንገቱ እስከ ደረት መሐል በትንንሽ ቁልፎች ይዘጋ፣ መስቀሉ ይነሳ። የዘርፉ ጥለት ይነሳና በምትኩ አንድ ወጥ ደማቅ ቀይ ሰፊ መስመር ይግባ፤ ስፋቱ ከአንጓ እስከ ክርን ካለው ርዝመት ግማሹን ያህል ይሁን። የእጅጌው ጫፍ ላይ ያው ቀይ በሁለት ጣት ስፋት ይደገም። ሌላ ቀለም አይግባ። ከማኒኪኗ በስተቀኝ ዝቅ ያለ የእንጨት በርጩማ ይቀመጥ፣ ላዩ ላይ ባለ ቀይ ጠርዝ ነጠላ ታጥፎ ይደረግ። በርጩማው ቀሚሱን አይንካ፣ አይሸፍን።

ነጠላውን ትከሻዋ ላይ ማድረግ እኔም አምሮኝ ነበር። ግን ትከሻው፣ ወገቡ፣ እጅጌው ሁሉ ከሥሩ ይጠፋል። ከዚያ ምኑን አሳየን?

ሲበላሽ የሚላኩ

ወገቡ ከተንሸራተተ፦ ወገቡ የሚጠብበት ቦታ ወደ መጀመሪያው ፎቶ ይመለስ። ጨርቅ፣ ቀለም፣ ጥልፍ አሁን እንዳሉ ይቆዩ።

ጥለቱ ከቀለጠ፦ የዘርፉ ጥለት ብቻ በ tilet_03.jpg መሠረት እንደገና ይሠራ። ዳይመንዶቹ እኩል መጠን ይኑራቸው። ከዘርፉ ከፍ ብሎ ያለው ሁሉ አይነካ።

ጣት ወይም ቆዳ ካበቀለ፦ ክንዱና እጁ እንደ መጀመሪያው ፎቶ የማኒኪን ክንድና እጅ ይሁኑ።

ሁለት ጊዜ አርመሽው ካልተስተካከለ ተዪው፣ ከ kemis_01.jpg እንደገና ጀምሪ። በታረመ ምስል ላይ ሌላ እርማት ሲደራረብ ቀሚሱ ቀስ በቀስ ይቀየራል፣ አንቺም አይታወቅሽም። አዲስ ቀሚስም ስትጀምሪ እንዲሁ ከዋናው ፎቶ ነው። 4ን፣ 5ን፣ 6ንና 7ን ስትልኪ የፕሮምፕት 1ን ጽሑፍ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ትተሽ ገልብጠሽ አስገቢ፣ «እንደ ፕሮምፕት 1» የሚለው ለአንቺ ይገባሻል እንጂ ለእሱ አይገባውም። ሲያልቅ አዲሱን ምስል ግማሽ አሳላፊ አድርገሽ በዋናው ላይ ደርቢው። ትከሻና ዳሌ ላይ ሁለት ጠርዝ ካየሽ አልሆነም።

ከእያንዳንዱ ምስል ሥር የሚጻፍ

ምስሉ ከቀሚሳችን ፎቶ ተነስቶ በኮምፒውተር የተዘጋጀ ነው። ቀሚሱ በትእዛዝ፣ በልክዎ ይሠራል። የክርና የጨርቅ ናሙና ሱቃችን መጥተው ማየት ይችላሉ፤ ውጭ አገር ላሉ ደንበኞቻችን የናሙናውን ፎቶ በቀን ብርሃን አንስተን እንልካለን።

6ንና 7ን አስቀድሚያቸው፣ ሸማኔው በጊዜ መሸመን መጀመር አለበት። 3ን ሥሪው ግን ለጊዜው አታውጪው። ገበሩ ገና ከመርካቶ አልመጣም።