የጥር 2018 ወርሃዊ የሰው ሀብት ሪፖርት

ለ፡ ሥራ አመራር አባላት በሙሉ
ከ፡ ሰው ሀብት ክፍል፣ ቃሊቲ ፋብሪካ
ቀን፡ የካቲት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

በጥር ከገባው ሠራተኛ የወጣው በለጠ። ከሥራ የሚቀረውም ጨመረ። ሁለቱንም ስንመረምር ያገኘነው ግን አንድ ቦታ ነው፤ የከሰዓት ፈረቃ ማሸጊያ። ስለዚህ የሪፖርቱ አብዛኛው ክፍል ስለዚያ ነው። የቀረው የፋብሪካው ክፍል ከሞላ ጎደል ሰላም ነው፣ ከጥገና በስተቀር።

ስንት ሰው አለን

ወሩን በ412 ሠራተኛ ጀመርን። 19 ቀጠርን፣ 23 ለቀቁ፣ በ408 ጨረስን። የተፈቀደልን መደብ 430 ስለሆነ 22 ቦታ ክፍት ነው።

408 ሲባል ግን ሁሉም ሥራ ላይ ነው ማለት አይደለም። 6 ሴቶች በወሊድ ፈቃድ ላይ ናቸው። 2 ሠራተኞች ደግሞ ወሩን ሙሉ በሕመም አልመጡም። የፈረቃ መሪዎች ቆጥረው የሚያገኙት 400 ሰው ነው። ምርት ክፍል «ሰው የለኝም» ሲል እኛ «በዝርዝሩ አለ» የምንለው ጭቅጭቅ የሚመጣውም ከዚሁ ነው። ከዚህ ወር ጀምሮ ሁለቱንም ቁጥር እጽፋለሁ።

ከ19ኙ አዳዲስ ሠራተኞች 13ቱ ወደ ማሸጊያ ገብተዋል። ሁለት ለምድጃ፣ ሁለት የሽያጭ ሾፌር፣ አንድ ጥራት ቁጥጥር፣ አንድ ደግሞ በለቀቀችው ሒሳብ ሠራተኛ ምትክ። ስለ ቅጥር ሌላም ነገር አየሁ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በነባር ሠራተኛ ጠቋሚነት ከቀጠርናቸው 21 ሰዎች 18ቱ ዛሬም አሉ። በር ላይ ማስታወቂያ አይተው ከመጡት 34 ግን የቀሩት 19 ብቻ ናቸው። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ አልፎክርበትም። ቢሆንም አክስቷ ወይም ጎረቤቷ ያስገባቻት ልጅ ሥራው ምን እንደሚመስል ሰምታ ነው የምትመጣው። በመጀመሪያው ሳምንት አትደነግጥም።

ማን ለቀቀ፣ ለምን

የጥር የሠራተኛ ፍልሰት 5.6 በመቶ ነው። በኅዳር 2.4፣ በታኅሣሥ 2.9 ነበር። እርግጥ ነው ጥር ሁሌም ከፍ ይላል፤ አምናም 4.9 ደርሶ ነበር። ሰርጉ፣ አገር ቤት ጥየቃው፣ ከገና በኋላ ሥራ መቀየሩ አለ። ስለዚህ ቁጥሩ በእጥፍ አደገ ብሎ መደንገጥ ተገቢ አይደለም። «የጥር ነገር ነው» ብሎ ማለፍም ተገቢ አይደለም።

ከ23ቱ 17ቱ በፈቃዳቸው ለቀዋል። 3ቱ ሳይናገሩ ጠፍተዋል። የ2ቱ ኮንትራት አልቋል፣ 1 ሰው ጡረታ ወጥተዋል። በፈቃዳቸው ከሄዱትና ከጠፉት 20 ሰዎች 14ቱ የማሸጊያ ናቸው። ማሸጊያን ለብቻው ብናሰላው ፍልሰቱ 11.2 በመቶ ይሆናል። ማሸጊያን አውጥተን የቀረውን ፋብሪካ ብናሰላ ደግሞ 3.2 በመቶ ነው። አማካዩ ሁለቱንም ይሸፍናቸዋል።

ከማሸጊያዎቹ 14 ሰዎች 9ኙ የከሰዓት ፈረቃ ናቸው፣ ከ8 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት የሚሠራው። ክሊራንስ ሊጨርሱ የመጡትን 11ዱን አንድ በአንድ አነጋግረናል። ሁለቱ የተሻለ ደመወዝ አግኝተዋል። አንዷ አግብታ ወደ ክፍለ ሀገር ሄዳለች። 8ቱ ግን በተለያየ አነጋገር አንድ ነገር ነው የነገሩን፤ ማታ ቤት መግባት አልቻልንም።

ታኅሣሥ 20 ወጪ ለመቀነስ ብለን የማታውን የኮዬ ፈጬ ሰርቪስ አቆምን። አሁን የገላኑ መኪና ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ላይ ያወርዳቸዋል። በዚያ ሰዓት ታክሲ አይገኝም። ባጃጅ ቢገኝም በኮንትራት ካልሆነ አይወስድም። አንዷ ልጅ ያለችውን እንዳለ ልጻፈው፦ «የቀኑን ገንዘብ ለባጃጅ ከፍዬ፣ በጨለማ ተጉዤ፣ ለምን ብዬ ነው የምሠራው?» መልስ አልነበረኝም።

በታኅሣሥ ሪፖርቴ የሰርቪሱ መቆም ብዙ ለውጥ አያመጣም፣ ሠራተኞቹ ይለምዱታል ብዬ ጽፌ ነበር። ተሳስቻለሁ። በጥር መጀመሪያ የከሰዓት ማሸጊያ ላይ ከነበሩት 42 ሰዎች 19ኙ የኮዬ ፈጬ ነዋሪዎች ነበሩ። ዛሬ 11 ቀርተዋል።

የገንዘቡ ነገር ይጠየቃልና ላስላው። ሰርቪሱ በመቆሙ በወር 46 ሺህ ብር ድነናል። በሌላ በኩል የማሸጊያ ኦቨርታይም ከ690 ሰዓት ወደ 1,140 ሰዓት አድጓል። የጨመረው 450 ሰዓት፣ በ6,500 ብር ደመወዝና በአንድ ተኩል ሲሰላ፣ 21 ሺህ ብር ገደማ ነው። ከዚህ ላይ የጥምቀት ሰሞንም ድርሻ አለበት፤ ሁሉንም በሰርቪሱ አላሳብብም። አዲሶቹ 13 ሰዎች ደግሞ የነባሩን ያህል ለማሸግ ሦስት ሳምንት ይፈጅባቸዋል። በዚያ ጊዜ የአንድን ሰው ግማሽ ይሠራሉ ብንል 29 ሺህ ብር ገደማ ያለ ምርት የተከፈለ ደመወዝ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ካዳነው ይበልጣሉ። ኦቨርታይሙን በግማሽ ብትቀንሱት እንኳ ያተረፍነው ጥቂት ነው፣ ያጣነው ግን ሥራ የለመደ ሰው ነው።

የጥገናው ጉዳይ በቁጥር ትንሽ፣ በክብደት ትልቅ ነው። ከ11 ቴክኒሻኖች 2 ለቀው 9 ቀርተዋል፤ የተፈቀደው 12 ነው። ማሸጊያ ላይ ሰው በሳምንት ይገኛል። ምድጃውንና የማሸጊያውን ማሽን የሚያውቅ ቴክኒሻን ግን በሳምንት አይገኝም። ሁለቱም በደመወዝ ነው የሄዱት፣ ይህንንም አልደበቁም። ሁለቱም ሕጉ የሚጠይቀውን የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተዋል። ወር ሙሉ ጊዜ ነበረን ማለት ነው። ፈተና ያለፉ ሁለት እጩዎች ይዘናል፣ የደመወዝ እርከኑ ግን እስካሁን አልተወሰነም። እጩዎቹ እኛን ብቻ እየጠበቁ ነው ብዬ አላምንም።

ማን ቀረ

በጥር 25 የሥራ ቀን ነበረ። የዓመት ፈቃድና የወሊድ ፈቃድ ሳይቆጠር 533 የሰው ቀን ባክኗል። 5.2 በመቶ ነው። በኅዳር 3.4፣ በታኅሣሥ 3.6 ነበር። ጥር 19 እና 20 የጣት አሻራ ማሽኑ ተበላሽቶ ስለነበር የእነዚያን ሁለት ቀናት ቁጥር ከፈረቃ መሪዎች ወረቀት ነው የወሰድኩት። ጥቂት ስህተት ይኖረዋል፣ ግን ምስሉን አይለውጠውም።

ከ533ቱ 201 ቀን የሕመም ነው። ከዚህ ውስጥ 50ው ከላይ የጠቀስኳቸው ሁለት ሠራተኞች ነው። አንደኛው የመጀመሪያውን የሕመም ወር ጨርሷል፤ በአዋጅ 1156/2011 መሠረት ለሚቀጥሉት ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ይከፈለዋል። ደመወዝ ክፍል ተነግሮታል፣ ቤተሰቡንም በአካል ሄደን ጠይቀናል። የቀረው ሕመም የጥር ጉንፋን ነው። 4 የሐኪም ወረቀቶች አጠራጥረውን ክሊኒኮቹን ጠይቀናል። በ4 ወረቀት ምክንያት የሁሉንም ሰው ኪስ መፈተሽ ግን አልፈልግም።

118 ቀን በፈቃድ የተቀረ ነው። ሰርግና ለቅሶ ይበዛበታል። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ለመዳር ሁሉም ስለሚጣደፍ ጥር እንዲህ ነው።

የቀረው 214 ቀን ያለ ፈቃድ ነው። ከዚህ 61ዱ በአንድ ቀን የደረሰ ነው፤ ማክሰኞ ጥር 12። ዘንድሮ ከተራ እሑድ፣ ጥምቀት ሰኞ ዋለ። ማክሰኞ ቃና ዘገሊላ ነው፣ ሚካኤል የሚገባበት ቀን። በሕግ የሥራ ቀን ነው፣ ሰዉ ግን ታቦት እየሸኘ ነበር። ከመቶ 15 ያህሉ አልመጣም፣ ሁለተኛው መስመርም ቀኑን ሙሉ ቆመ። ለ61 ሰው ማስጠንቀቂያ አልጻፍንም፤ የቀን ደመወዝ ብቻ ተቆርጧል። ለከርሞ ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር አስቀድመን ተነጋግረን ያን ቀን በአንድ እሑድ ብንለውጠው ይሻላል።

ጥር 12ን ሳይጨምር 79 ቀን የከሰዓት ማሸጊያ ነው። ከ79ኙ 52ቱ የእነዚያው የኮዬ ፈጬ 19 ሠራተኞች ነው። ከእነሱ የለቀቁት አብዛኞቹ መጀመሪያ መቅረት ጀመሩ፣ ከዚያ ወጡ። ቀሪውን በየሳምንቱ በሰፈር ለይተን ብናየው ኖሮ በጥር ሁለተኛ ሳምንት እናውቅ ነበር። ከዚህ በኋላ እንደዚያ እናየዋለን።

የተረፈው 74 ቀን በየክፍሉ የተበተነ ነው። ለ9 ሰዎች በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷል። የፈረቃ መሪዎች በቃል ተቆጥተው ማለፍ ይቀናቸዋል። ሕጉ ግን ለማሰናበት በስድስት ወር ውስጥ ያለ በቂ ምክንያት አምስት የሥራ ቀን መቅረትን፣ ማስጠንቀቂያውም በጽሑፍ መሆኑን ይጠይቃል። የቃል ቁጣ ፋይል ውስጥ አይገባም።

የካቲት

ዐቢይ ጾም ሰኞ የካቲት 9 ይገባል። ረመዳንም በዚያው ሳምንት ይጀምራል ተብሎ ይጠበቃል። ሁለቱ ጾም አንድ ላይ ሲመጣ ካፍቴሪያውም ፈረቃውም ይነካል። የከሰዓት ፈረቃ የእራት እረፍት አሁን 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ወደ 12 ሰዓት ተኩል ብናመጣው ለማፍጠር ይመቻል፣ ለሌላውም ጉዳት የለውም። ምርት ክፍል ተስማምቷል። ካፍቴሪያው ከሰኞ ጀምሮ የጾም ምግብ ብቻ ያቀርባል፣ የጾም ያልሆነ የሚፈልግ በትዕዛዝ። ዓድዋ የካቲት 23 ሰኞ ስለሚውል የእሑዱን ጥገና ከወዲሁ ማቀድ ይቻላል።

በዚህ ሳምንት ስብሰባ ሁለት ውሳኔ እጠይቃለሁ። አንደኛው፣ የማታው የኮዬ ፈጬ ሰርቪስ ከየካቲት 9 ጀምሮ ለሁለት ወር ለሙከራ እንዲመለስ ነው። ትልቁ አውቶቡስ አያስፈልግም፣ አንድ ሚኒባስ ይበቃል። ሁለተኛው የቴክኒሻኖች የደመወዝ እርከን ነው። ሐሙስ ውሳኔ ካገኘሁ አርብ ጠዋት ሁለቱን እጩዎች ደውዬ እጠራለሁ።

የሰው ሀብት ክፍል ኃላፊ